ስልሳ ነጥብ ሰባት

ፋሲካ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስሜ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም። ትናንት አክስቴ ደውላ «ነጥብ ሰባት፣ እንደምን ከረምክ?» አለችኝ። ሰላምታዋን ስመልስ ከበስተጀርባ የሰው ሳቅ ይሰማኛል። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋኝ ኖሯል።

የሆነው የፋሲካ ማግስት ነው። ዶሮው ተበልቷል፣ ቄጤማው ጠውልጓል፣ ሁለተኛው ቡና እየፈላ ነው። ካርታው ወጣ። ተጫዋቾቹ አራት ነን፦ እኔ፣ በግራዬ የአክስቴ የልጅ ልጅ (13 ዓመቷ ነው፤ ይህን አትርሱ)፣ ቀጥላ አክስቴ፣ መጨረሻ ላይ የአክስቴ ባል። የቤቱ ሕግ ቀላል ነው። ለሰው 7 ካርታ ይታደላል፤ በየተራ አንድ ትስባለህ፣ አንድ ትጥላለህ። ከክምሩ መሳብ ካልፈለግህ ከአንተ በፊት ያለው ሰው አሁን የጣላትን ማንሳት ትችላለህ። 4 እና 3 አድርጎ የገጠመ ይዘጋል። መግጠም ማለት ወይ በአንድ ዓይነት ተከታታይ ቁጥር፣ ወይ አንድ ቁጥር በተለያየ ዓይነት። የተሸነፈ ሲኒ ያጥባል። ከተሸናፊዎቹም መካከል አጣቢውን የምትመርጠው አሸናፊዋ ናት።

ስለ ካርታው አንድ ነገር ልናገር። የልብ 5 ከጠፋች ዓመታት አልፈዋል። በእሷ ምትክ የምንጫወተው ከሻይ ቅጠል ካርቶን በመቀስ በተቆረጠች ካርታ ነው፤ ፊቷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ልብ ተስሎባታል፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ የሻይ ስኒ ግማሹ ይታያል፣ ጆሮው ያለበት በኩል። ለጊዜው እዚህ ላይ ተዉአት።

ሦስተኛው ተራዬ ላይ ነኝ። የጦር 2፣ 3፣ 4፣ 5 ገጥመው ተቀምጠዋል። አራቱ አለቁ ማለት ነው፤ የቀረችኝ ሦስቷ ናት። ለእሷ በእጄ የልብ 6፣ የልብ 7 እና የልብ 9 ይዤ ነበር፤ አሁን ከክምሩ ስስብ የአበባ 7 መጣችልኝ። ከአራቱ አንዷን መጣል አለብኝ።

በሥራዬ ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ነኝ። እንደ ማንኛውም ሰው ጥዬ ዝም ብል ምን ነበረበት? የለም። ካርታዬን በደረቴ ላይ ደፋሁና ጮክ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

የልብ 9ን ብጥል 6፣ 7 እና 7 ይቀሩልኛል። ያን ጊዜ የልብ 5 ብትመጣ እዘጋለሁ፤ የልብ 8 ብትመጣ እዘጋለሁ፤ የዳይመንድ 7 ወይም የጦር 7 ብትመጣም እዘጋለሁ። የምታዘጋኝ ካርታ አራት ናት። ክምሩን ቆጠርኩት፤ 16። ቢያንስ ሦስት ጊዜ እስባለሁ። አንዷን የማግኘት ዕድልን በቀጥታ ማስላት አድካሚ ስለሆነ፣ ብልህ ሰው ሦስቱንም ጊዜ የማጣት ዕድልን አስልቶ ከመቶ ይቀንሳል። መጀመሪያ ስስብ የማትጠቅመኝ ከ16 ውስጥ 12 ናት፤ ሁለተኛ ጊዜ ከ15 ውስጥ 11፤ ሦስተኛ ጊዜ ከ14 ውስጥ 10። ሲባዙ 39.3 በመቶ። ከመቶ ሲቀነስ…

«ስልሳ ነጥብ ሰባት በመቶ እዘጋለሁ!» አልኩ። እንደ ዜና አንባቢ ነው ያልኩት። «ነጥብ ሰባት»ን ደግሞ ለብቻዋ፣ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ።

ከዚያ የልብ 9ን በሥነ ሥርዓት አስቀመጥኩ።

ልጅቱ አየቻት። አየችኝ። አነሳቻት። አራት ንጉሥ፣ የልብ 8፣ 9፣ 10፤ ዘረገፈችውና ዘጋች። የመጨረሻዋን ካርታ ፊቷን ደፍታ ስታስቀምጥ እንኳን ድምፅ አላሰማችም። ትዕግሥቷ ነው ያቃጠለኝ።

የተሸነፈ ሰው እንደሚያደርገው «ዕድል ነው እንጂ ስሌቱ ትክክል ነበር» አልኩ። ያኔ ነው የጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አራቱም ካርታዎች እዚያ ክምር ውስጥ እንዳሉ በምን አወቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ለመልስ ያህል ቡና ጠጣሁ፤ ሲኒው ባዶ ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ ያገላበጥኩት ይህን ነው። ፊቷን ያላየኋት ካርታ በክምሩ ውስጥ ልትሆን እንደምትችል ሁሉ በሰው እጅም ልትሆን ትችላለች። ሦስት ሰው ሰባት ሰባት ይዟል፤ 21። ክምሩ 16። የማላያቸው ካርታዎች 37 ናቸው። እኔ ግን የምፈልጋቸው አራቱ ካርታዎች ተሰልፈው ክምሩ ውስጥ እየጠበቁኝ እንደሆነ አድርጌ በ16 አካፈልኩ። መካፈል የነበረበት በ37 ነው፤ በአንድ ስበት አራት ለሠላሳ ሰባት፣ ማለትም 10.8 በመቶ። እኔ በልቤ 25 ብዬ ነበር።

እዚህ ቢያበቃ ሲኒውን አጥቤ እረሳው ነበር። ግን ካርታው ሁሉ ሲገለጥ ሌላ ጉድ ወጣ።

የዳይመንድ 7 አክስቴ እጅ ናት። እንዴት እንደገባች ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ፦ ባለፈው ተራ ልጅቱ ጣለቻት፣ አክስቴ አነሳቻት። ያን ጊዜ እጄ ላይ አንድ 7 ብቻ ስለነበር ጉዳዬ አልነበረችም፤ ጉዳዬ በሆነች ጊዜ ደግሞ ረስቻታለሁ። በማባዛት ላይ ነበርኩ።

የልብ 5ስ? የልብ 5 እኮ ካርቶን ናት! ከእደላው ጀምሮ የአክስቴ ባል እጅ ውስጥ ነበረች፤ ከሰባቱ ካርታዎች መካከል ባለ ጆሮዋ የሻይ ስኒ ወደ እኔ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች። ውፍረቷም ከሌሎቹ እጥፍ ነው። ከመንገድ ማዶ የምትታይ ካርታ ናት። በቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ቡና የምታፈላዋ ዘመዳችን ጭምር፣ የልብ 5 የት እንዳለች ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን ስኒ ትክ ብዬ እያየሁ «የልብ 5 ብትመጣ እዘጋለሁ» ብያለሁ። በሌሊት ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ያቺ ጆሮ ናት።

ስለዚህ በትክክል ሲቆጠር እንዲህ ነበር። ከ37ቱ የሦስቱ ቦታ ይታወቃል፦ የካርቶኗ፣ የዳይመንድ 7 እና ልጅቱ ያነሳቻት የልብ 10። የማይታወቁት 34 ናቸው። ተስፋዬ ሁለት ብቻ፤ የልብ 8 እና የጦር 7። ሦስት ጊዜ ስቤ አንዷን የማግኘት ዕድሌ 17.1 በመቶ ነው። ከ60.7 እስከ 17.1 ያለውን መንገድ በታክሲ ብትሄዱት ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል።

17.1ም ብትሆን እኔን ለማባበል ናት። ምክንያቱም 34ቱን እኩል አድርጎ መቁጠር የሚያስኬደው ሰዎቹ ምንም ፍንጭ ካልሰጡ ነው። አክስቴ 7 ካነሳች ሌላም 7 ሳይኖራት አይቀርም። (ነበራት፤ የጦሯ።) ልጅቱ የልብ 10 ካነሳች በአካባቢዋ ያለ ልብ ሳትይዝ አይቀርም። (ይዛለች፤ 8ን።) እንግዲህ ከአራቱ ካርታዎቼ አንዲትም በክምሩ ውስጥ አልነበረችም። ክምሩን እስከ ማታ ብስበው ውኃ ከድንጋይ መቅዳት ነበር።

የልብ 10ን ለልጅቱ የጣለላት ማን እንደሆነ ትጠይቁኝ ይሆናል። አትጠይቁኝ።

በጣም የሚያናድደኝ ምን መጣል እንደነበረብኝ አሁን ግልጽ መሆኑ ነው። የአበባ 7ን ብጥልስ? ከእኔ ቀጥላ ያለችው ልጅቱ ናት፤ እሷ ደግሞ ከአንድ ተራ በፊት 7 ራሷ ጥላለች፣ አትፈልግም። አክስቴ ብትፈልግም ልጅቱ የራሷን ስትጥል ትሸፈንባታለች። ዕድሌ ወደ ሦስት ለሠላሳ አራት፣ ማለትም 8.8 በመቶ ይወርዳል፤ ያውም የልብ 8ን ብቻ ጠብቄ። ለእነዚያ ለስምንት በመቶ ያህል ጭማሪ ብዬ፣ የልብ 10 ላነሳች ልጅ የልብ 9 ሰጠሁ። እሷ የምትጠብቃት ካርታ በመላው ካርታ ውስጥ አንዲት ብቻ ነበረች። ያቺን አንዲት ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ስለ የአክስቴ ባል አበዋወዝ ዝም ማለት አልችልም። ካርታውን አንድ ሦስት ጊዜ ከላይ ወደ ታች ያንሸራትትና «ተበውዟል» ይላል። ሁሌም የሚከፈለው ደግሞ በካርቶኗ ላይ ነው፣ ወፍራም ስለሆነች። በ1992 እ.ኤ.አ. ሁለት የሒሳብ ሰዎች፣ ዴቭ ቤየር እና ፐርሲ ዲያኮኒስ፣ 52 ካርታ ለሁለት ተከፍሎ እየተጠላለፈ ሲበወዝ በደንብ ለመደባለቅ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልግ አሳይተዋል። ያውም በዚያ አበዋወዝ ነው። እንደ አክስቴ ባል በጥቂት በጥቂቱ ከላይ እያነሱ መደርደር እጅግ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። አራቱ ንጉሦች በቀደመው ጨዋታ አንድ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ልጅቱ ዘንድም ሳይራራቁ ነው የገቡት። ይህን ሳስረዳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና «ሲኒው ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

አሥራ ስምንት ሲኒ አጠብኩ። በሩ ላይ ማን ቆሞ እንደሚያይ ገምቱ።

«ጋሼ፣ አንዱን የመስበር ዕድልህ ስንት ነው?»

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ምንም ነገር ያለ ነጥብ አይነገርም። ስኳር ስንት? ሁለት ነጥብ ሰባት ማንኪያ። መቼ ትመጣለህ? አሥር ሰዓት ከነጥብ ሰባት። ለአጎቴ ልጅ ሠርግ የመጥሪያ ወረቀት ሲላክልኝ ከስሜ በኋላ «0.7» ተጽፎበታል፤ ጽሑፉ የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ባለፈው እሑድ አዲስ ካርታ ገዝቼ ወሰድኩላቸው። 52ቱም ያሉበት፣ የልብ 5ም እንደ ሰው ልጅ ወግ ጀርባዋ ከሌሎቹ ጋር አንድ የሆነ። አክስቴ መረቀችኝና ወደ ቡፌው ወስዳ ከብርጭቆዎቹ ጎን አስቀመጠችው። «ለእንግዳ ይሁን» አለች። አሮጌው ወጣ፤ ካርቶኗም አብራ።

ልጅቱ አጠገቤ ተቀምጣ ቡፌውን አየች። «ጋሼ፣ ያ ካርታ አንድ ቀን ይከፈት ይሆን?»

«ዜሮ በመቶ» አልኳት።

«ዜሮ ነጥብ ስንት?»