ሳልቫጅ ላይ የተጻፈው ቁጥር

ሳልቫጅ መርጦ በቴሌግራም ለሚሸጥ ሰው ትልቁ ራስ ምታት ዋጋ ሳይሆን ቁጥር ነው። «10» የሚል የሴት ቀሚስ የእንግሊዝ ከሆነ በአሜሪካ 6 ገደማ ነው፤ የአሜሪካ 10 ከሆነ ደግሞ በእንግሊዝ ወደ 14 ይጠጋል። የሚያየው ደንበኛ ግን 10 ብቻ ነው። በዚያ ላይ ልብሱ ስንት ጊዜ ታጥቦ እንደጠበበ ወይም እንደተለጠጠ ቁጥሩ አይናገርም።

ያልተፈታ ቦንዳ ለጀማሪ አልመክርም፤ ውስጡ ያለው ሳይታይ ነው የሚከፈልበት። አንድ በአንድ ሲመረጥ ቅድሚያ የሚታየው ብብቱና አንገትጌው ነው። ጂንስ ከሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ቦታ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ማየት ይበጃል፤ እየተፋተገ የሳሳ ጨርቅ ብርሃን ያሳልፋል። ሹራብ ላይ ያለ የብል ቀዳዳም እንዲሁ ይጋለጣል።

ከመለካት በፊት ይታጠባል፤ ጥጥና ሱፍ ሊጠብ ስለሚችል ሳይታጠብ የተለካ ልክ ዋጋ የለውም። ብብት ላይ ቢጫ የሆነ ነጭ ሸሚዝ በበረኪና መዘፍዘፍ የተለመደ ነው፣ ግን የላብና የዲዮድራንት ቢጫን ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል። ኦክስጅን ያለው ማንጫ በሞቀ ውሃ በጥብጦ ለጥቂት ሰዓት መዘፍዘፍ ይሻላል። ደም ግን በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው። እድፉ ሳይለቅ ካውያ አይነካውም፤ ሙቀት እድፍን ያጸናዋል።

አሁን ሜትሩ ይውጣ። ጂንሱ ተቆልፎ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፣ የፊትና የኋላ የወገቡ ጠርዝ እኩል እንዲሆን ይደረጋል። የፊቱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ልኩ ይዛባል። ለምሳሌ «32» የሚል ጂንስ ወገቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሴንቲ ሆነ እንበል። ሁለት ሲባዛ 86፣ ለ2.54 ሲካፈል ወደ 34 ኢንች ይጠጋል። 32 ለብሶ የሚያውቅ ሰው ቢገዛው ይሰፋዋል። ከዚያ ከሁለቱ እግሮች መጋጠሚያ እስከ ታችኛው ጫፍ በውስጥ በኩል ያለው ርዝመት፣ ከመጋጠሚያው እስከ ወገብ ያለው ከፍታም ይለካል። ላስቲክ ያለው ወገብ ዝም ሲልም ተስቦም ይለካል፣ ሁለቱም ይጻፋል።

ማስታወቂያው ላይ «ወገብ 43» ብቻ ከተጻፈ የደንበኛ ጥያቄ አያልቅም። እኔ የምመርጠው አጻጻፍ ይኸው ነው፦ «ላዩ ላይ 32 ይላል፤ ተዘርግቶ ወገብ 43 ሴንቲ፣ ዙሪያው 86»። ገዢውም ሰውነቱን ሳይሆን ልክክ የሚለውን የራሱን ሱሪ ዘርግቶ ለክቶ እንዲያመሳስል መንገር ነው፤ ሰውነትና ልብስ ልካቸው አንድ አይደለም፣ ሸሚዝ ከደረት ሰፋ ብሎ ነው የሚሰፋው። እንከን ካለ ከአጠገቡ ሳንቲም አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት ነው፣ ትልቅነቱ በደንብ እንዲታይ።