የእማዬ ስም በላቲን

ጅማ ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ቆርቆሮው በተንኳኳ ቁጥር ሆዴ ይባባል። የእማዬ መኝታ ጥግ ላይ የሚያፈሰው ቦታ እንዳለ ነው። ለእሱ ማሳደሻ እህቴ ከአሜሪካ 300 ዶላር ከላከች 24 ቀን ሆናት። ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር እማዬ «ገባ?» ትለኛለች።

ማታ ለገንዘብ አስተላላፊው ድርጅት የሚላከውን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የጻፍኩት በእህቴ ስም ነው። እኔ ስደውል «ውላችን ከላኪዋ ጋር ነው፣ እሷ ታመልክት» ብለውኛል። የእሷ ስልክ ላይ `Delivered` ይላል። እኔ ደግሞ ከሰኔ 3 እስከ ዛሬ ያለውን የእማዬን የሒሳብ መግለጫ አስወጥቻለሁ፤ የገባ ነገር የለም። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ገንዘቡን ለባንኩ ሲያስረክብ «ደርሷል» ሊል ይችላል። ስሙና የሒሳብ ቁጥሩ ካልገጠሙ ግን ባንኩ ይይዘዋል ወይም ይመልሰዋል። ባንክ ያገኘኋት ልጅ «ያስረከቡበትን ማጣቀሻ ቁጥር ካላመጣህ ፈልጌ አላገኘውም» አለችኝ።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ የላኪና የተቀባይ ስም፣ የዝውውሩ ቁጥር፣ የተላከበት ቀን፣ መግለጫውም አለ። ቀኑን መጀመሪያ ሰኔ 3 ብዬ ጽፌ ጁን 10 ብዬ አረምኩት። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው፦ ያ ማጣቀሻ ቁጥርና ለባንኩ የተላከው ስም ፊደል በፊደል። በአሜሪካ ሕግ ላኪ ይደርሳል ከተባለበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ድረስ ማመልከት ይችላል። ድርጅቱም በ90 ቀን ውስጥ ማጣራት አለበት። 90 ቀን ማለት ክረምቱ አለቀ ማለት ነው።

ስሙ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እህቴ የላከችው `Abebech` ብላ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንጽፈው እንዲሁ ነው። የእማዬ የቀበሌ መታወቂያ ግን በቁቤ `Ababach` ይላል። ሒሳቡ የተከፈተው በዚያ መታወቂያ ነው። ቁቤ «አ»ንም «በ»ንም በ`a` ይጽፋቸዋል፤ እኛ «በ»ን በ`e` ለመድን። በአማርኛ ስንጽፋት አንዲት አበበች ናት። በላቲን ሁለት ሴት ሆነች።

የአያቴ ስምም አለ። ከእማዬ ስም ቀጥሎ የሚጻፈው እሱ ነው። እሱስ በስንት ዓይነት ተጽፎ ይሆን? ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስሙን በራሱ እጅ በላቲን ጽፎ አያውቅም። ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ማንን እጠይቃለሁ? የመሬቱ ወረቀት ላይ በፊደል ነው፣ የእማዬ መታወቂያ ላይ በቁቤ፣ እህቴ የላከችበት ወረቀት ላይ ደግሞ በሌላ። እማዬና አባቷ በወረቀት ዘመዳሞች አይመስሉም። ይህን ሳስብ ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ከበደኝ።

እማዬን ቀስቅሼ «ስምሽን እንዴት እንጻፈው?» አልኳት።

«አበበች ብለህ ነዋ» አለችኝ።

ደብዳቤው እስካሁን ክፍት ነው። የተቀባይ ስም የሚለው ቦታ ላይ የቱን ልጻፍ?