11 ቀን «በሂደት ላይ»

ዛሬ ጠዋት የቡድናችን የስራ መከታተያ ቦርድ ላይ አንድ ካርድ አፍጥጦ ጠበቀኝ፦ «የወርሃዊ ሪፖርት ማውረጃ»፣ በሂደት ላይ፣ 11ኛ ቀኑ። የኛ ቡድን ስራ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ቀን ያልቃል። ስራውን የያዘውን ልጅ «የት ደረሰ?» ስለው «ትንሽ ነው የቀረው» አለኝ። ባለፈው ሳምንትም ያለኝ ይህንኑ ነበር (ይቺ «ትንሽ» መቼም አታልቅም)።

ጥያቄዬን ቀየርኩት። «ኮዱን ለመጨረሻ ጊዜ የነካኸው መቼ ነው?» ከ6 ቀን በፊት! ለካ የክፍያ ዳታቤዙን የማንበብ ፈቃድ እየጠበቀ ነው። አንዴ በቻት ጠይቆ፣ መልስ ሲያጣ ዝም ብሏል።

ካርዱን አብረን ከፈትነው። የሽያጭ ሪፖርቱ ተሰርቶ ተፈትሿል፤ ለብቻውም ይጠቅማል። ስለዚህ የራሱ ካርድ ሆኖ ዛሬውኑ ወጣ። የክፍያውን ሪፖርት ግን ምን ብንቆራርጠው ያው ነው፣ ቁልፉ እኛ እጅ የለም። ለዳታቤዙ ኃላፊ ምን እንደምንፈልግ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቆምን፣ እስከ ሐሙስ ካልተፈቀደ ምን እንደሚዘገይ በሦስት መስመር ጻፍኩላቸው። ከሰዓት ፈቃዱ መጣ።

የቀረው በፒዲኤፍ ማውረድ ነበር። ጠያቂውን ፈልገን ብናገኘው ራሱ ረስቶታል። ምክንያቱን ጽፌ ዘጋሁት። ልጁ ቅር ብሎታል፤ ግማሹን ጽፎት ነበር።