ተቆራርጦ ከሚመጣ የጎን ገቢ ለራሴ ወርሃዊ ደመወዝ የቆረጥኩበት ስሌት

የቤት ኪራይ በየወሩ በቀኑ ይጠየቃል፤ የጎን ሥራ ክፍያ ግን አንድ ወር ተደራርቦ ይመጣና ሁለት ወር ይጠፋል። ለዚህ የሚበጀው የወሩን ገቢ ከወሩ ወጪ ጋር ማጋጠም ትቶ፣ በሁለቱ መካከል ሌላ ሂሳብ ማስገባት ነው። የጎን ገቢ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ከዚያም በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሁልጊዜ እኩል የሆነ መጠን ወደ መኖሪያ ሂሳቡ ይተላለፋል። እኔ ያንን መካከለኛ ሂሳብ ማቆያ፣ በየወሩ የሚተላለፈውን መጠን ድርጎ እላቸዋለሁ። ሁለት ሂሳብ መክፈት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው ድርጎው ስንት ይሁን፣ ማቆያው ውስጥስ ስንት ይደር የሚለው ነው።

የድርጎውን መጠን የምነሣው ከገቢው ሳይሆን ከጉድለቱ ነው። ኪራይ፣ መብራት፣ ውሃ፣ ስልክ፣ የብድር ክፍያ፣ ምግብና መጓጓዣ ተደምረው በወር 17,000 ይሁኑ፤ ቋሚው ደመወዝ ደግሞ 12,000። ጉድለቱ 5,000 ነው፤ ድርጎውም ያው 5,000 ይሆናል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ መብራት ያሉ ከፍ ዝቅ የሚሉ ክፍያዎችን በአማካይ ሳይሆን ባለፈው ዓመት በከፈልኩት ትልቁ እይዛለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣውን ደግሞ፣ ለምሳሌ ኢንሹራንስን፣ ለ12 አካፍዬ የወር ወጪ ውስጥ እጨምረዋለሁ። ይህ ከተረሳ የዓመቱ ክፍያ የሚመጣበት ወር ማቆያውን በአንዴ ያራቁተዋል፣ ጥፋቱም ያለ አግባብ በገቢው ላይ ይላከካል።

ቀጥሎ የ12 ወር የጎን ገቢን ገንዘቡ በእጅ በገባበት ወር መመዝገብ ነው። ሥራው የተሠራበትም ሆነ ደረሰኙ የተላከበት ቀን እዚህ አይቆጠርም። ግብር የሚከፈልበት ገቢ ከሆነ ድርሻው በገባበት ዕለት ለብቻው ተነሥቶ የሚመዘገበው የተረፈው ነው። ለስሌት እንዲቀል የተጠጋጋ ምሳሌ ልስጥ። ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር የገባው እንዲህ ነው፦ 0፣ 14,000፣ 3,000፣ 0፣ 0፣ 22,000፣ 4,000፣ 0፣ 9,000፣ 0፣ 16,000፣ 4,000። ድምሩ 72,000፣ አማካዩ በወር 6,000 ነው። ድርጎው በዓመት 60,000 ስለሚወስድ በወረቀት ላይ 12,000 ይተርፋል። አሳሳቹ ይህ ትርፍ ነው፤ ዓመቱ ይበቃል፣ ወራቱ ግን አይበቁም።

ማቆያው ከባዶ ተነሥቶ በየወሩ 5,000 ቢወጣለት፣ ወር በወር ሲሰላ በአምስተኛው ወር መጨረሻ 8,000 ከባዶ በታች ይወርዳል። እንግዲያው 8,000 መነሻ ይበቃል ብሎ መደምደም ያምራል፤ ግን ስሕተት ነው። ድርጎው የሚወጣው በወሩ መጀመሪያ ነው፣ ኪራዩ ያኔ ስለሚከፈል። ስድስተኛው ወር ላይ የሚመጣው 22,000 በወሩ አጋማሽ ከገባ፣ ከዚያ በፊት ሌላ 5,000 ወጥቷል። ትክክለኛው ዝቅተኛ ነጥብ 13,000 ከባዶ በታች ነው። ስለዚህ ስሌቱን የምሠራው ሁልጊዜ መጀመሪያ ቀንሼ፣ ቀጥሎ ጨምሬ ነው። በኤክሴል ከሆነ የወሩ ገቢ B3 እስከ B14 ይጻፋል፣ D2 ላይ 0 ይገባል፣ ከዚያ፦

```
C3:  =D2-5000
D3:  =C3+B3
C16: =MIN(C3:C14)
```

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስከ 14ኛው መስመር ወደ ታች ይጎተታሉ። C16 ላይ የሚወጣው −13,000 የመቀነስ ምልክቱ ሲነሣለት ማቆያው ሊኖረው የሚገባው መነሻ ነው።

አማካዩ 6,000 ስለሆነ ድርጎውን 6,000 ለምን አላደርገውም? ሰንጠረዡ ላይ 5000ን በ6000 ቀይሮ ማየት ነው። የሚያስፈልገው መነሻ ከ13,000 ወደ 19,000 ይዘላል፣ በዓመቱ መጨረሻም ምንም አይተርፍም። በወር 1,000 ለመጨመር 6,000 ያህል ሳይነካ የሚቀመጥ ገንዘብ ይጠይቃል ማለት ነው። በስድስተኛው ወር የሚመጣው ትልቅ ክፍያ እስኪደርስ ስድስት ድርጎ ስለሚወጣ፣ እያንዳንዱ ጭማሪ ስድስት ጊዜ ይቆጠራል። ድርጎን በአማካይ መቁረጥን የማልወደው ለዚህ ነው።

ያለፈው ዓመት አቀማመጥም እንደነበረው አይደገምም። በምሳሌው ምንም ያልገባባቸው አምስት ወሮች አሉ፤ አምስቱም ተከታትለው ቢመጡ ቀጣዩ ክፍያ እስኪገባ ስድስት ድርጎ፣ ማለትም 30,000 ያስፈልጋል። ያን ያህል ማስቀመጥ ለብዙ ሰው አይቻልም፣ የግድም አይመስለኝም። እኔ በሰንጠረዡ ከወጣው ላይ አንድ ድርጎ ጨምሬ 18,000ን ልክ አድርጌ እይዛለሁ።

ይህ ገንዘብ ከየት ይመጣል? በደረቁ ወር መጀመር አይሆንም። አጀማመሩ ትልቅ ክፍያ የገባ ዕለት ነው። በምሳሌው 22,000 ከገባ በኋላ፣ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ድርጎ ቢወጣና ዓመቱ በዚያው ቅደም ተከተል ቢዞር፣ ማቆያው ከ10,000 በታች አይወርድም። ያ ሊሆን የሚችለው ግን ከ22,000ው ላይ ምንም ካልተነካ ነው። ከእሱ 10,000 ለሌላ ጉዳይ ቢወጣ፣ አሥራ አንደኛው ወር ላይ ድርጎው ሲወጣ ማቆያው ልክ ባዶ ላይ ይቆማል፤ ያን ወር የሚጠበቀው 16,000 ከዘገየ ቀጣዩ ኪራይ መክፈያ የለውም። ትልቅ ክፍያ በገባ ሰሞን የቆየ ፍላጎት ሁሉ አስቸኳይ ይመስላል፤ በእኔ እይታ ከስሌቱ ሁሉ የሚከብደው ያን ሰሞን ማለፍ ነው።

የሚያበላሹትን ነገሮች ቀድሞ ማወቅ ይቻላል። አንደኛው ቃል የተገባን ክፍያ እንደ ገባ መቁጠር ነው፤ ደንበኛው ሦስት ሳምንት ሲያዘገይ ዓመታዊው ድምር አይቀየርም፣ ዝቅተኛው ነጥብ ግን በአንድ ሙሉ ድርጎ ይወርዳል። ሁለተኛው በወር መሃል ከማቆያው ትንሽ ትንሽ መውሰድ ነው። ይህ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ የማቆያው ቀሪ ከሰንጠረዡ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ ስለዚህ ድርጎው በወጣ ቀን ሁለቱን አስተያያለሁ። ከተለያዩ የድርጎው መጠን አንሷል ማለት ነውና የወር ወጪ ዝርዝሩን እንደገና እከፍታለሁ። ሦስተኛው የቀን ጉዳይ ነው፦ ኪራይ በ1 ቀን ከሆነ ድርጎው በዚያው ቀን ይተላለፍ ማለት፣ ቀኑ እረፍት ላይ ሲውል መዘግየትን መጋበዝ ነው። ሦስት ቀን ቀደም ቢል ችግሩ የለም።

ከድርጎ በኋላ የቀረው ከሁለት ድርጎ፣ ማለትም ከ10,000 በታች ሲወርድ፣ ባዶ እስኪሆን ሳልጠብቅ ቀጣዩን ድርጎ ወደ 4,000 አወርዳለሁ፤ 1,000ው የሚቀነሰው ከምግብና ከመጓጓዣው ነው፣ ኪራይና ብድር ሊነኩ ስለማይችሉ። ድርጎውን ከፍ የማደርገው ግን ከድርጎ በኋላ የቀረው ለሦስት ተከታታይ ወር ከ18,000 በላይ ሲሆንና አዲሱ መጠን ሰንጠረዡ ላይ ተሞክሮ የሚጠይቀው መነሻ ማቆያው ውስጥ ሲገኝ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የዓመቱ የጎን ገቢ ቢያንስ 12 ድርጎ ሲሞላ ነው። በምሳሌው ድምሩ 72,000 መሆኑ ቀርቶ 50,000 ቢሆን፣ ማቆያው በየዓመቱ 10,000 እየቀነሰ ይሄዳል፤ 18,000 መነሻ ያለው ሰው ችግሩን የሚያየው በሁለተኛው ዓመት ነው፣ መነሻ የሌለው በመጀመሪያዎቹ ወራት። ያኔ የሚያስፈልገው ወይ የኪራዩን መጠን መቀነስ፣ ወይ የብድሩን ዘመን አራዝሞ ወርሃዊ ክፍያውን ማሳነስ ነው፤ የክፍያ ቀን ማደላደል 10,000ውን አያመጣም።