አባቴ «አልከፍልም» ብሎ አያውቅም

ሰሞኑን የድሮውን የማዳበሪያ ዕዳችንን ሳስብ ከርሜያለሁ። ሰው ስለ ገበሬ ሲያወራ ወይ «ታዛዥ ነው» ይላል ወይ «አምፆ ተነሳ» ይላል። እኔ ያደግኩበት ቤት ከሁለቱም አልነበረም።

ቤታችን ምዕራብ ጎጃም ነው፣ በቆሎ አገር። ያኔ ልጅ ነበርኩ። የዕዳው ሒሳብ ግን እስከዛሬ በቃሌ አለ፣ አባቴና እናቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ሲያሰሉት እሰማ ስለነበር። ለአራት ጥማድ መሬት፣ ማለትም ለአንድ ሄክታር፣ 1 ኩንታል ዳፕ፣ 1 ኩንታል ዩሪያና 25 ኪሎ ምርጥ ዘር በብድር ወስደናል። ከነወለዱ ወደ 600 ብር ይመጣል። በቆሎ በ60 ብር ቢሸጥ 10 ኩንታል አውጥቶ መገላገል ነው። አባቴ የፈረመው ይህን አስልቶ ነው።

ምርቱ ጥሩ ሆነ፤ ወደ 30 ኩንታል አገባን። ችግሩ የሁሉም ሰው ምርት ጥሩ መሆኑ ነበር። በ1994 ዓ.ም. ጥር ላይ የበቆሎ ዋጋ ወደቀና እኛ ገበያ ኩንታሉ 25 ብር ገባ። ያው 600 ብር 24 ኩንታል ሆነ ማለት ነው። በቀረው 6 ኩንታል ሰባት ነፍስ ክረምቱን አይወጣም።

አስመላሾቹ ደግሞ ጊዜ አይሰጡም ነበር። በዚያ ዘመን ለማዳበሪያ ብድር ዋስ የሚሆኑት ክልሎች ነበሩ፤ ገበሬው ካልከፈለ ከበጀታቸው ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ጫናው ከላይ እየተንከባለለ መጥቶ እኛ ደጃፍ ላይ ያርፋል። የታሰረ አለ፣ በሬው የተነዳበት አለ።

አባቴ ሌላ ዕዳም ነበረበት። በረዶ እህላችንን የመታብን ዓመት ከአንድ የሰፈራችን ሀብታም እህል ተበድሯል። ሰውዬው ግን አንድ ቀን እንኳ ደጃችን መጥቶ አልጠየቀም። «ሲደርስልህ ትሰጠኛለህ» ነው ያለው። ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አጨዳው ሲደርስ አባቴ ከሁሉ ቀድሞ እሱ ማሳ ላይ ይገኛል፣ ሰውዬውም በክፉ ቀን ሰው ጨከነ ከተባለ ለለቅሶው የሚመጣለት እንደሚያንስ ያውቃል። ያም ዕዳ ነው፣ ይከብዳል። ግን በረዶ መምታቱን ያውቃል፣ ልጅ መኖሩን ያውቃል። የማዳበሪያው ዕዳ ከመክፈያው ወር ከጥር ሌላ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። አባቴን ያንገበገበው ይሄ ነው እንጂ መክፈሉ አይደለም።

ስብሰባ ላይ «ትከፍላለህ?» ሲባል «እሺ ጌታዬ፣ እንዴታ» ይላል። ከዚያ ቤት ገብቶ የራሱን ይሠራል። እናቴ የተፈለፈለውን በቆሎ ሌሊት በአህያ እየጫነች አክስቴ ቤት አደረሰች፤ ደጅ ያለው ጎተራ ለሚያየው ሰው ጎድሎ ይታያል። ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱን አጎቴ ከወንዙ ማዶ ወሰደው። የቀረውን «ግማሹ የሰው ነው» አልን። የማን እንደሆነ ጎረቤት ቢጠየቅ የሚያውቅ ጠፋ። ማንም ተሰብስቦ እንዲህ እናድርግ አላለም። ነገሩ የገባው ሁሉ ዝም አለ፣ በቃ።

ያም ሆኖ መጋቢት ላይ በሬውን ነዱት። በገበያ ቀን ለጨረታ አቆሙት። እኔም ከወንድሜ ጋር ሄጄ አይቻለሁ። የሰፈሩ ሰው ዙሪያውን ቆሟል፣ ዋጋ የሚጠራ ግን የለም። ከከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ጠጋ ብሎ የበሬውን ጥርስ ማየት ሲጀምር አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እንባ ያለበት በሬ ነው፣ ቤትህ አታስገባው» አሉት። ነጋዴው እጁን ጠርጎ ሄደ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ጨረታው ባዶውን ዋለ። በነጋታው ሽማግሌዎች ዋስ ሆነው፣ አባቴም 200 ብር ከፍሎ፣ ቀሪው ለከርሞ ተላለፈ። በሬያችን ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ብዙ ቦታ ቀረና የበቆሎ ዋጋ ተሰቀለ። አክስቴ ቤት የተቀመጠው እህል ክረምቱን አሻግሮን ተርፎን ነበር፤ አባቴ እሱን ሸጦ የቀረውን 400 ብር ከነወለዱ ዘጋው።

ይህን ሳወራ እንደ ጀብድ ብቻ እንዳይቆጠር እፈልጋለሁ። እህቴ ያን ዓመት ትምህርት አቋርጣለች፣ ሌሊት በአህያ የሚጫነው እህል ቀን ቀን የሚፈለፈለው በእሷ እጅ ነበርና። ከእኛ ዝቅ ብላ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ደግሞ በሬ የሚደብቅላት ወንድም ማዶ የላትም፣ እህል የምታሸሽበት ቤትም የላትም። ያላትን አንድ በሬ ጨረታ ሳይደርስ ራሷ በርካሽ ሸጣ በጥር ከፈለች። ከዚያ በኋላ መሬቷን በእኩል ለሌላ ሰው ሰጠች፣ እኔ ከአገር እስክወጣ ድረስም ሌላው ነበር የሚያርሰው።