የኮክ መስፈርቶች በድንች ላይ፦ ሦስተኛው ሲከሽፍ

አንድ ተህዋስ የአንድ በሽታ መንስኤ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚያገለግሉት የጀርመናዊው ሐኪም የሮበርት ኮክ መስፈርቶች ሲነበቡ ቀላል ናቸው። ተህዋሱ በታመመው ሁሉ ተገኝቶ ከጤነኛው መታጣት፣ ለብቻው ተነጥሎ መራባት፣ ጤነኛው ውስጥ ሲገባ ያንኑ በሽታ ማምጣት፣ በመጨረሻም ከዚያ ዳግመኛ መነጠል አለበት። በተማሪነቴ በበሰበሰ ድንች ላይ ልፈትናቸው ስነሳ ግን ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ከሸፈብኝ።

በመጀመሪያ ናሙናውን የወሰድኩት ከብስባሹ መሐል ነበር። ባክቴሪያ በሚራባበት ጄል መሰል ምግብ፣ በአጋር ላይ ያደገውን ባክቴሪያ በጤነኛ ድንች ላይ ባኖረውም ድንቹ ምንም አልሆነም። መሐሉ የሞተውን ክፍል ለመመገብ ዘግይተው በሚደርሱ ባክቴሪያዎች የተሞላ ስለሆነ፣ የነጠልኩት በሽታ አምጪውን አልነበረም። በሁለተኛው ሙከራ ልጣጩን በ70 በመቶ አልኮል ጠርጌ ብስባሹ ከጤነኛው ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ትንሽ ቆርጬ ወሰድኩ፤ ከአንዲት ኮሎኒም ደጋግሜ በማራባት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ያለበት ንጹሕ ካልቸር አገኘሁ። ካልቸሩን የጨመርኩባቸው፣ ክፍት ሳህን ላይ የተቀመጡት ጤነኛ የድንች ቁራጮች ግን አሁንም አልበሰበሱም።

ያንኑ ካልቸር ክዳን ባለው ሳህን ውስጥ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ በተቀመጡ ቁራጮች ጨምሬ በ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባቆየው፣ በማግሥቱ ቦታው ሰርጉዶ ውሃ አዝሏል፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ የነካው ማነጻጸሪያ እንደጠነከረ ነበር። በደረቅ አየር የተቆረጠው ፊት ቡሽ መሰል ሽፋን ያበጃል፤ በእርጥበት ሲሸፈን ኦክስጅን ስለሚያንሰው መከላከያው ይዳከማል፣ ባክቴሪያውም ሴሎቹን ያጣበቀውን ፔክቲን ያሟሟል።

ሁለቱ ክሽፈቶች ለዓይን አንድ ዓይነት ነበሩ፤ በአንደኛው ተህዋሱ ሌላ ነበር፣ በሁለተኛው ግን ትክክለኛው ተህዋስ የሚያጠቃበት ሁኔታ ጎድሎበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማስታወሻዬ ላይ «በሽታ አላመጣም» ብዬ ብቻ አልጽፍም፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና የጨመርኩትን መጠን አብሬ አሰፍራለሁ።

ኮክ ራሱም በኮሌራ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። ባክቴሪያውን በ1884 እ.ኤ.አ. ከሕሙማን ቢነጥልም በእንስሳት ላይ በሽታውን በአሳማኝ መንገድ ማምጣት ተቸገረ፤ ሆኖም ሌላው ማስረጃ ስለጠነከረለት መደምደሚያውን አልተወም። በ1892 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው የጤና ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የኮክን መደምደሚያ ለመሞገት የኮሌራውን ካልቸር ጠጣ፤ ያገኘውም ቀላል ተቅማጥ ብቻ ነበር። ይህ ግን ተህዋሱን ነጻ አያወጣውም፤ ተህዋሱ የገባበት ሰው ሁሉ በጠና እንደማይታመም ብቻ ያሳያል። ምልክት ሳይታይባቸው ተህዋሱን የሚሸከሙ ሰዎች መታወቃቸውም «ከጤነኛው መታጣት» የሚለውን ክፍል አፈረሰው።

ሥጋ ደዌ ደግሞ በሁለተኛው መስፈርት ላይ ይቆማል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን ባክቴሪያውን በ1873 እ.ኤ.አ. ቢያየውም እስካሁን በአጋር ላይ አላደገም። በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ ሲራባ እንኳ በእጥፍ ለመብዛት ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እኔ በአንድ ሌሊት ያየሁትን ዓይነት ለውጥ እዚያ ለማየት ወራት መጠበቅ ግድ ነው።