የግመሏ ሻኛ ላይ ቀዳዳ እንዳይቀር

የባቲ የሰኞ ገበያ በግመል የታወቀ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ደሴ ላይ በኪሮሽ ከምሠራቸው አሻንጉሊቶች በብዛት የምታዘዘው ግመል ናት። ግመል ደግሞ ለሠሪዋ አትራራም። አፍንጫዋ፣ አራቱ እግሮቿና ሻኛዋ ሁሉም ከመሃል ተጀምረው ዙሪያቸውን እየሰፉ ይሄዳሉ፤ የሻኛው መነሻ ደግሞ ከላይ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነው። እዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ከቀረች የተሞላው ነጭ ጥጥ ብቅ ይላል፤ ቡናማ ግመል ላይ ነጭ ጥጥ ከሩቅ ይለያል።

መሃሉን ለመጀመር ሁለት ሰንሰለት ሠርቶ አንደኛዋ ውስጥ ስድስት ዐይን መሥራት ቀላል ነው። ነገር ግን የሰንሰለቷ ቀዳዳ ከተሠራች በኋላ የምትጠብበት መንገድ የላትም። ማጂክ ሪንግ የሚባለው ቀለበት የሚሻለው የሚሳብ የክር ጭራ ስላለው ነው። እኔ ክሩ ሁለት ጊዜ የሚጠቀለልበትን እመርጣለሁ፤ አክሪሊክ ክር ስለሚያሟልጭ ነጠላው ቀለበት ልጅ በጎተተው ቁጥር ይላላል።

አንድ ስንዝር ያህል ጭራ ትቼ ክሩን በግራ እጄ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ላይ ሁለት ጊዜ እጠቀልለዋለሁ። ኪሮሹን በሁለቱም ጥምጥሞች ሥር አሾልኬ ከጥቅሉ የሚመጣውን ክር እስባለሁ፤ በላዩም አንድ ሰንሰለት እሠራለሁ። ይህች ሰንሰለት ክሩን ለመያዝ ብቻ ስለሆነች አትቆጠርም። ከዚያ ቀለበቱን ከጣቶቼ አውጥቼ ስድስት አጫጭር ዐይኖች እሠራበታለሁ፤ ኪሮሹን ቀለበቱ ውስጥ አስገብቼ ክር እስባለሁ፣ እንደገና ክር ይዤ ኪሮሹ ላይ ባሉት ሁለት ትንንሽ የክር ቀለበቶች ውስጥ በአንዴ አሳልፈዋለሁ። የክሩ ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ቢል እንኳ ለአሻንጉሊት የምይዘው 2.5 ነው፤ ዐይኖቹ ካልተጠጋጉ መሃሉ ቢዘጋም ጥጡ በየዐይኑ መካከል ይታያል።

ዋናው ነገር አዘጋጉ ላይ ነው። ጭራውን ቀስ ብዬ ስስበው ከሁለቱ ጥምጥሞች አንዱ ይጠብባል፣ ሌላው እንደሰፋ ይቆያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጭራውን ብቻ ሲጎትት ይቆይና አልዘጋም ብሎ ይተወዋል። እኔ የተንቀሳቀሰውን ጥምጥም ራሱን በጥፍሬ ይዤ እስበዋለሁ፤ በአንዱ አቅጣጫ እንቢ ካለ በሌላው። እሱ ሲረዝም ያኛው ጥምጥም ተስቦ ይገባና ስድስቱ ዐይኖች ይጠጋጋሉ። ከዚያ ጭራውን ስስብ የረዘመው ይገባል፣ መሃሉም ግጥም ይላል።

የማስተምራት የጎረቤት ልጅ አንድ ቀን፣ «እትዬ፣ ጭራው አልንቀሳቀስ አለኝ» ብላ አመጣችልኝ። ገልብጬ ሳየው አራተኛው ዐይን የቀለበቱን ክር ሰንጥቆ በመካከሉ አልፏል። እንዲህ ከሆነ ጉልበት አይረዳም፤ ክሩ ይበጠሳል። እስከዚያች ዐይን ተርትሮ ኪሮሹን ከሁለቱም ጥምጥሞች ሥር ማሳለፍ ነው። ጭራው እየተሳበ መሃሉ በአንድ በኩል ብቻ ክፍት ከቀረ ደግሞ አንዷ ዐይን የያዘችው አንዱን ጥምጥም ብቻ ነው።

ለሻኛው በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ዐይን ላይ ሁለት ሁለት ሠርቼ 12 አደርሳለሁ፤ በሦስተኛው አንድ ነጠላ፣ አንድ እጥፍ እያልኩ 18። ዙሮቹን ስለማልዘጋቸው መጀመሪያዋ ዐይን ላይ የሌላ ቀለም ብጣሽ ክር እሰካለሁ። ሥራው መሃሉን መልሶ ስለሚጎትተው ከሦስተኛው ዙር በኋላ ጭራውን ደግሜ እስባለሁ።

መሶብ የሚሰፉት አክስቴ መሃሉን ሳያዩ አያልፉም። ሻኛውን አገላብጠው፣ «ልጄ፣ ይህ ጥጥ ሲሞላበት አይከፈትም?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጥጥ ከውስጥ ይገፋል፣ ያልታሰረ ጭራም ቀስ በቀስ ይሸሻል። ስለዚህ ከመሙላቴ በፊት ጭራውን በወፍራም መርፌ በውስጥ በኩል፣ በዐይኖቹ እግር ሥር፣ ሲሳብ በነበረበት አቅጣጫ አንድ ዙር አዞረዋለሁ። ከዚያ አንዱን ዐይን ዘልዬ በተቃራኒው እመልሰውና እቋጥረዋለሁ። ጭራውን ከቋጠሮው አጠገብ አልቆርጠውም፤ ትርፉ ከጥጡ ጋር ውስጥ ይቀራል። ለመፈተን የትንሿን ጣቴን ጫፍ ከውስጥ ገፍቼ ወደ መስኮት እይዘዋለሁ፤ መሃሉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ ቋጠሮውን እፈታለሁ።

ጸጉራም ቬልቬት ክር ግን ይህን ሁሉ መሳብ አይችልም፣ ይበጠሳል። ለእሱ ቀለበቱን በተመሳሳይ ቀለም ጠንካራ የጥጥ ክር አበጅቼ የቬልቬቱን ዐይኖች በላዩ እሠራለሁ፤ ሲዘጋ የሚሳበው የጥጡ ክር ብቻ ይሆናል።